ጠዋት የሚሞት፣ ከሰዓት የሚነሳ ሊጥ

ጎረቤቴ እማማ በሬን ሲያንኳኩ በእጃቸው ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ነበር። ሳህኑ ላይ ፎጣ ጣል አድርገውበታል። ፎጣውን ገለጥ ሲያደርጉት ሊጥ ነው። ከተቦካ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎታል፣ ግን ሲያስቀምጡት ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ አንተ ዳቦ ቤት የሠራህ ሰው ነህ። እስቲ ይሄን እየው» አሉኝ። «አልነሳ ሲለኝ ዛሬ አራተኛዬ ነው። ዱቄቱም ያው፣ እርሾውም ያው፣ እጄም ያው። ምን እንደነካብኝ እንጃ።»

ሊጡን በጣቴ ጫን አልኩት። የጣቴ ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ትንሽ ቆርጬ ስዘረጋው ውስጡ ድፍን ነው፣ አንድም ቀዳዳ የለውም። የተነሳ ሊጥ ሲቀደድ ውስጡ እንደ ድር ክር ክር እያለ ይለያያል፤ በየክሩ መሃል ደግሞ የአየር ኪስ ይታያል። ሽታውም ለአፍንጫ ቆንጠጥ ያደርጋል። ይሄኛው የሚሸተው ዱቄትና ውሃ ብቻ ነበር። እርሾው በጭራሽ ሥራ አልጀመረም ማለት ነው።

እርሾ ስል እቤት ተቀምጦ የሚኮመጥጠውን ማለቴ አይደለም፤ ታሽጎ የሚሸጠውን፣ እንደ አሸዋ ፍሬ ፍሬ ያለውን ደረቅ እርሾ ነው። እማማ የሚያቦኩት 500 ግራም ዱቄት በ7 ግራም እርሾ ነው። እርሾውን መጀመሪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚሆን ውሃ ውስጥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይበጠብጡታል። ትንሽ ቆይተው ከዱቄቱ ጋር ያገናኙታል። የቀረውን ውሃ ከቧንቧ ይጨምራሉ። ጨው መጨረሻ ላይ። አሠራራቸው እንከን የለውም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እርሾውን ነው። እማማም ጠርጥረዋል። ሁለተኛው ሊጥ እምቢ ሲላቸው የተከፈተውን ጥለው አዲስ ገዙ። ሦስተኛው ተነሳ። «ተገላገልኩ» አሉ። አራተኛው በዚያው አዲስ እርሾ እምቢ አለ። አምስተኛው ተነሳ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ግራ ያጋባቸው። የሞተ እርሾ አንድ ቀን ሞቶ በማግስቱ አይነሳም።

ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። መቼ አቦኩ? ስንት ሰዓት? ተነሳ ወይስ አልተነሳም? በወር ጊዜ ውስጥ ሰባት ጊዜ አቡክተዋል። አራቱ አልተነሱም፣ ሦስቱ ተነስተዋል። ያልተነሱት አራቱም ጠዋት የተቦኩ ናቸው። የተነሱት ሦስቱም ከሰዓት።

«አዎ፣ እሱማ አውቄዋለሁ» አሉኝ እማማ ፈጠን ብለው። «ጠዋት ብርድ ነው። ብርድ ሊጥ ይይዛል። ለዚያ ብዬ እኮ ጠዋት ጠዋት ሞቅ አድርጌ ነው የምበጠብጠው።»

ይሄን ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። ብርድ ሊጥ ያዘገያል፣ እውነት ነው። ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንድ አረፋ እንኳ እንዳይወጣ አያደርግም። ብርድ የያዘው ሊጥ ከዘገየ በኋላም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። ይሄኛው የዘገየ ሊጥ አይደለም፤ የሞተ ነው። «ሞቅ አድርጌ» የሚለው ቃል ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

«ውሃውን ከየት ነው የሚያሞቁት?» አልኳቸው።

«ከፔርሙሱ ነዋ። ግማሽ ከፔርሙስ፣ ግማሽ ከቧንቧ። ድሮም እንደዚያው ነው። ብቻ ጠዋት ከፔርሙሱ ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ።»

«ፔርሙሱ ያው የድሮው ነው?»

ሳቁ። «ኸረ እሱስ ተሰበረ። ይሄ አዲስ ነው፣ ልጄ ነው ያመጣችልኝ። አቤት ሙቀት ሲይዝ! ጠዋት የሞላሁት ማታ ድረስ ይፋጃል።»

ነገሩ እዚያው ላይ ፍርጥ አለ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እኩል መጠን ያለው ሁለት ውሃ ሲቀላቀል ሙቀቱ የሁለቱ አማካይ ይሆናል። የድሮው ፔርሙስ ሙቀት አይዝም ነበር። ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ከሆነና 20 ዲግሪ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ከተቀላቀለ 40 ይመጣል። ለእርሾ ከዚህ የተሻለ የለም። «ግማሽ በግማሽ» የሚለው የእማማ ልክ የተሠራው በዚያ በደከመው ፔርሙስ ነው። አዲሱ ግን ጠዋት እንደተሞላ ውስጡ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። 90 እና 20 እኩል ሲቀላቀሉ 55 ይሆናል። «ትንሽ ጨመር» ሲያደርጉበት፣ ሁለት እጅ ከፔርሙስ አንድ እጅ ከቧንቧ ቢሆን፣ ከ66 በላይ ይወጣል። ከሰዓት ደግሞ ፔርሙሱ ለሻይ ሲከፈትና ሲዘጋ ውሎ፣ ግማሹም ጎድሎ፣ ውስጡ ያለው ውሃ በጣም ይበርዳል። ያኔ ያው ግማሽ በግማሽ ልክ ይሆናል፣ ሊጡም ይነሳል።

ስለዚህ ጠዋት ሊጡን የያዘው ብርዱ አይደለም። ብርዱን ለማሸነፍ የጨመሩት ሙቀት ነው። እርሾው እምቢ ባላቸው ቁጥር ውሃውን የበለጠ ያሞቁ ነበር፤ የበለጠ ባሞቁ ቁጥር ደግሞ የሚገድሉት እርሾ ይበዛል።

እማማ ግን ዝም ብለው የሚያምኑ ሰው አይደሉም። «እኔ እኮ በጣቴ እነካዋለሁ። ለብ ያለ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በእሳቸው ጣት ለብ ያለ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ዓይናቸው እንዲያየው ብዬ ወጥ ቤታቸው ገባን።

አራት ተመሳሳይ ብርጭቆ ደረደርን። ከሥራቸው ከ1 እስከ 4 ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አደረግን። እያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ ሩብ ብርጭቆ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር። 1ኛው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ። 2ኛው ውስጥ አንድ እጅ የፔርሙስ ውሃ በሦስት እጅ የቧንቧ ውሃ። 3ኛው ውስጥ የእማማ ግማሽ በግማሽ። 4ኛው ውስጥ ከፔርሙሱ በቀጥታ። ፔርሙሱ የዚያን ቀን ጠዋት የተሞላ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ከአንዱ ጥቅል በተንንበት። አላማሰልነውም፤ ምን እንደሚሆን ማየት ስለፈለግን።

በመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉም ተመሳሳይ ይመስሉ ነበር። ፍሬዎቹ ላይ ላይ ተንሳፈፉ፣ ከዚያ እርጥበት እየገባባቸው አንድ በአንድ ወደ ታች ሰመጡ። 4ኛው ብርጭቆ እንደውም ከሁሉም ቀድሞ ጥቂት አረፋ አሳየ። እማማ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ይኸው!»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ አረፋ እርሾው የሠራው አይደለም። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ታፍኖ የነበረ አየር ነው፤ ትኩስ ውሃ ሲያገኘው ቶሎ ይወጣል። ትልልቅ ነው፣ ይፈነዳል፣ አይተካም። የእርሾ አረፋ ሌላ ነው። ደቃቅ ነው፣ ከሥር እየገፋ ይመጣል፣ እየወፈረ ላይ ላይ ይጋገራል፤ በማንኪያ ሲገፉት እንደ ወፍራም የወተት አረፋ ይንቀሳቀሳል።

በሦስተኛው ደቂቃ 2ኛው ብርጭቆ ለየ። ከታች የሰመጠው እርሾ ትንንሽ ደመና እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ደርሶ ይዘረጋል፣ ሌላው ይከተለዋል። ዝም ብለው ቢያዩት ውሃ ውስጥ የሚነድ ጭስ ይመስላል። በአሥረኛው ደቂቃ ላዩን አንድ ጣት የሚሆን ክሬም የመሰለ አረፋ ሸፍኖት ነበር፤ ሽታውም ወጣ።

1ኛው፣ ቀዝቃዛው፣ በአሥረኛው ደቂቃ ጠርዙ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ነበረው። 3ኛው ደፍርሶ ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ይዟል፤ ላዩ ላይ የተበታተነ ስስ አረፋ አለ፣ ግን አይጨምርም። 4ኛው ከሥሩ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ፣ ከላዩ ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ። ሽታውም የተቀቀለ ነገር ይሸታል።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። 1ኛው ብርጭቆ ቀስ እያለ ተነሳ፤ ግማሽ ጣት ያህል አረፋ አበጀ። 3ኛው ያው እንዳለ ነው። 4ኛውም እንዳለ ነው።

«ይሄ ውሃው ሲበርድለት አይነሳም?» አሉኝ 3ኛውን እያሳዩ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይነሳም። እርሾ በዓይን የማትታይ ሕይወት ያላት ነገር ናት። ስኳርን የምትበላው፣ አየሩን የምታወጣው በውስጧ ባሉ ፕሮቲኖች ነው። ፕሮቲን ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹ ይፈታል። የእንቁላል ነጩ መጥበሻ ላይ ሲነጣ የምናየው ይሄንኑ ነው። የነጣ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ብርድ ግን እንዲህ አያደርግም። ብርድ ሥራዋን ያዘገየዋል፣ ሲሞቃት ትቀጥላለች። ለዚህ ነው 1ኛው ብርጭቆ ዘግይቶ የተነሳው፣ 3ኛው ደግሞ በዚያው የቀረው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ቀዝቃዛ ውሃም ለዚህ ዓይነቱ ደረቅ እርሾ ጥሩ አይደለም። የደረቀች እርሾ ውሃ ስትጠጣ ሽፋኗ ለጥቂት ጊዜ ልል ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ በደንብ ሳይጠገን በውስጧ ያለው ነገር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከፊሏ በዚያው ትደክማለች፤ የፈሰሰውም ነገር ሊጡን ልል ያደርገዋል። ለብ ያለ ውሃ የሚፈለገው ቶሎ እንድትነቃ ብቻ አይደለም፣ ስትነቃ እንዳትጎዳም ነው።

እማማ ግን ገና አልረኩም ነበር። ምናልባት የፔርሙሱ ውሃ ራሱ የሆነ ነገር ቢኖርበትስ? አዲስ ዕቃ አይደል? ስለዚህ 4ኛውን ብርጭቆ እጅ እስኪያስችል አቀዘቀዝነው። ከዚያ እዚያው ጭቃ ላይ ሌላ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨመርንበት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አረፋ ሠራ። ውሃው ደህና ነው፣ ስኳሩም ደህና ነው። የጎዳው ሙቀቱ ብቻ ነው።

በሌላ ቀን ከአንድ ወዳጄ ቴርሞሜትር ተውሼ ያንኑ ድርደራ ደገምነው። 1ኛው 21 ዲግሪ፣ 2ኛው 39፣ 3ኛው 55፣ 4ኛው 88 ሆኖ ተገኘ። ደረቅ እርሾ ለመበጥበጥ የሚመቸው ከ38 እስከ 43 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ 50 ሲጠጋ ጉዳቱ ይጀምራል፤ ከ55 እስከ 60 ሲደርስ ብዙውን ይገድለዋል። አንድ ዲግሪ ሲያልፍ ሁሉም ድርግም የሚል ነገር አይደለም። ጊዜም ይቆጠራል፤ 50 ዲግሪ ውስጥ አንድ ደቂቃና አሥር ደቂቃ መቆየት አንድ አይደለም። ለዚህም ነው አንዳንዴ ውሃው ትንሽ ሲበዛበት ሊጡ ጨርሶ ከመቅረት ይልቅ በጣም ዘግይቶ የሚነሳው። ከእርሾው ገሚሱ ተርፏል ማለት ነው። ሰው ግን ይሄን ሲያይ «እርሾው ደካማ ነው» ይላል።

አሁን ወደ ጣቱ ልመለስ። እማማ 3ኛውን ብርጭቆ ጣታቸውን ጠቅ አድርገውበት «ይኸው ለብ ያለ» ሲሉኝ እኔም ጠቅ አደረግኩ። ጣቴን በድንጋጤ አወጣሁት። አልዋሹም። ሁለት ነገር ነው ያታለላቸው።

አንደኛው የእጃቸው ቆዳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ዳር የሠራ እጅ ጣቱ ይጠነክራል። ትኩስ ክዳን በባዶ እጅ የሚያነሳ ሰው ጣት ለእርሾ ውሃ ዳኛ መሆን አይችልም። የእኔም ጣት ዳቦ ቤት በነበርኩ ጊዜ እንደዚያው ነበር፤ አሁን ነው የለዘበው።

ሁለተኛው ከዚያ በፊት የሠሩት ሥራ ነው። እማማ ጠዋት ዕቃ በሙቅ ውሃ ያጥባሉ፣ ቀጥሎ ያቦካሉ። ሙቅ ውሃ ውስጥ የቆየ እጅ ሌላ ሙቅ ውሃ ሲነካ ያን ያህል አይሰማውም። ይሄን ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ሦስት ሳህን ውሃ፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ እጅ የሚያስችል ሙቅ፣ የመሃሉ ለብ ያለ። አንድ እጅ ቀዝቃዛው ውስጥ፣ ሌላው እጅ ሙቁ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የመሃሉ ውስጥ ይግቡ። ያንኑ ውሃ አንዱ እጅ «ሙቅ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቀዝቃዛ ነው» ይላል። እጅ የሚለካው ዲግሪ ሳይሆን ከቅድሙ ያለውን ልዩነት ነው።

እና ያለ ቴርሞሜትር በምን ይታወቃል? ለእማማ ያሳየኋቸው ይሄን ነው።

ጣት ይቅር፣ የእጅ አንጓ ይሁን። በውስጥ በኩል፣ ሥሮቹ የሚታዩበት ቦታ። እዚያ ቆዳው ስስ ነው፣ ሥራም አያጠነክረውም። የሕፃን ወተት የሚሞከረውም እዚያ ላይ ነው። ውሃውን በደንብ አማስለው፣ በማንኪያ ቀዳ አድርገው ጠብ ጠብ ያድርጉት። የቆዳችን ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ነው። ውሃው ጠብ ሲል ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማ ከቆዳው ጋር ተቀራራቢ ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ይጨመርበት። ደስ የሚል ሙቀት ከተሰማ፣ ገላ ሊታጠቡበት የሚመኙት ዓይነት ከሆነ፣ 38 እስከ 40 አካባቢ ነው፤ እሱ ነው የሚፈለገው። ቆንጠጥ ካደረገ አልፏል።

ጣት ግድ ከሆነ ደግሞ ጠቅ አድርጎ ማውጣት አይሆንም። ሙቀት ወደ ቆዳው ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ጣትን አስገብቶ ቀስ ብሎ እስከ አሥር መቁጠር ነው። ሙቀት ሕመም መሆን የሚጀምረው 43 እና 45 ዲግሪ መሃል ላይ ነው። ስለዚህ አሥር እስኪቆጠር ጣቱ «አውጣኝ» ካላለ ውሃው እርሾ አይገድልም። አራት፣ አምስት ላይ መፋጀት ከጀመረ ቀዝቃዛ ይጨመርበት። እማማ ይሄን 3ኛው ብርጭቆ ላይ ሞከሩት። በእሳቸውም ጣት ሦስት ላይ አወጡት። «አሃ» አሉ፣ ጣታቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ።

እንፋሎትን ማመን ግን አይገባም። ይሄን የምለው ብዙ ሰው «ጭስ ካለው ትኩስ ነው፣ ከሌለው ደህና ነው» ስለሚል ነው። እንፋሎት መታየት አለመታየቱ ክፍሉ ላይም የተመሠረተ ነው። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ 40 ዲግሪ ውሃም ይተናል። ሞቃት ከሰዓት ላይ 55 ዲግሪ ውሃ ያን ያህል ላይታይበት ይችላል። ብርጭቆውን ከውጭ መዳበስም እንደዚያው ነው፤ ወፍራም ሸክላ ከሆነ ውስጡ እየፋጀ ውጭው ገና ነው።

እኔ ከሁሉም የማምነው ልኩን ነው፤ ምክንያቱም ሒሳብ እጅ አይደክመውም። አንድ እጅ ገና የፈላ ውሃ፣ ሦስት እጅ ቤት ውስጥ የዋለ ቀዝቃዛ ውሃ። 100 እና ሦስት ጊዜ 20 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል 40። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ 92 ላይ ቢፈላ እንኳ 38 ይመጣል፤ ምንም አይደለም። አንድ ለሁለት ቢደረግ ግን 46 ዲግሪ ያልፋል፤ እርሾ ላይሞት ይችላል፣ ግን ድንበር ላይ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ልኩ አይሠራም፤ 5 ዲግሪ ውሃ በአንድ ለሦስት 29 አካባቢ ብቻ ያደርሳል። ያኔ አንጓ ይጠየቃል። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ቀዝቃዛው መጀመሪያ ይግባ፣ ሙቁ ይከተል፣ ይማሰል፣ እርሾው መጨረሻ። እርሾውን አስቀድሞ በትኖ በላዩ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ ውሃው ኋላ ላይ በቀዝቃዛ ቢስተካከልም፣ መጀመሪያ የነካውን ገድሎ ነው የሚስተካከለው።

መሃል ላይ እማማ የእርሾውን ማሸጊያ ከመሳቢያ አውጥተው መጡ። «ታዲያ እዚህ ላይ እስከ 55 ዲግሪ ይላል እኮ!» እውነትም ይላል። እኔም መጀመሪያ ገረመኝ። አዲስ የገዙት እርሾ ፈጣን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ነው። እሱ ሳይበጠበጥ ከደረቅ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው። ያ ሙቅ ውሃ የተባለው ዱቄቱ ላይ ለሚፈስስ ነው። 500 ግራም ዱቄት በክፍሉ ሙቀት ያለ ነገር ነው፤ ውሃው ሲነካው ወዲያው ይበርዳል። እርሾዋ ጋ ሲደርስ ለብ ብሏል። ያንኑ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ለብቻዋ ሲሰጧት ግን ከሙቀቱ የሚጋርዳት ነገር የለም። ማሸጊያው አልዋሸም፤ ያነበቡት ለሌላ አሠራር የተጻፈውን ነው። ፈጣኑን እርሾ መበጥበጥ ከተፈለገ ለብ ያለው ውሃ ይበቃዋል።

የቀረው ያ በሳህን ያመጡት ሊጥ ነው። ሊጥሉት ነበር። ሊጥ ግን እርሾው ሞተ እንጂ ዱቄቱ አልተበላሸም። አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከቁንጣሪ ስኳር ጋር በጠበጥን። ሲያረፋ ጠበቅን፤ ሳያይ ማስገባት ሁለተኛ ኪሳራ ነው። ሊጡን ዘረጋነው፣ አረፋውን መሃሉ ላይ አፈሰስነው፣ አጠፍነው። መጀመሪያ ያሟልጫል፣ ያንሸራትታል፣ የሚዋሃድ አይመስልም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነሰነስንበትና እማማ አሹት። እንዴት እንደሚያሹ ላሳያቸው አልሞከርኩም፤ እጃቸው ከእኔ ይበልጣል። አሥር ደቂቃ ሲሆነው ተያያዘ።

ሳህኑን ፎጣ አልብሰን ወጥ ቤቱ ጥግ አስቀመጥነው። ሰዓቱ ገና ረፋድ ነው፤ ብርዱም አልለቀቀም። በሰዓት ከሩብ ውስጥ ፎጣውን ከሥር ገፋ። እማማ ጣታቸውን ዱቄት አስነክተው ጫን አሉት። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ግማሹ ተመለሰ።

ፔርሙሱ አጠገብ አሁን አንድ ትንሽ ስኒ አለች። ከፔርሙሱ የሚቀዳው ውሃ በእሷ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በዚያችው ስኒ ሦስት ጊዜ ከቧንቧ። ከሰዓት ሲሆን ፔርሙሱ ስለሚበርድ አንድ ለሦስቱ እንደማይበቃ ራሳቸው ደርሰውበታል። በቀደም ጠይቄያቸው ነበር። «ከሰዓት አንድ ለሁለት» አሉኝ፤ የግራ አንጓቸውን በቀኝ ጣታቸው እየነኩ፣ «ግን መጀመሪያ እሱን እጠይቃለሁ።»